«ሃይማኖት ባይኖር ጦርነት አይኖርም ነበር» ለሚል ሰው በጥንቃቄ መልስ ለመስጠት

ቡና ተፈልቶ፣ ወሬው ወደ ዜና ዞሮ፣ አንዱ «ሃይማኖት ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠ አማኝ ይቆጣና «ስታሊንስ? ፖል ፖትስ? ደርግስ?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ የሬሳ ቆጠራ ይሆናል። አንዱ የመስቀል ጦርነትን ሲያነሣ ሌላው ቀይ ሽብርን ያነሣል፤ ማንም ማንንም ሳያሳምን ጀበናው ይነሣል። እኔም ለዓመታት የተከራከርኩት እንዲሁ ነው። አማኝ ስለሆንኩ ነገሩ ያመኛል። ቆጠራው ግን መልስ አይደለም፤ ምክንያቱም «ሃይማኖታዊ ግፍ» እና «ዓለማዊ ግፍ» የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ክምሮች እንዳሉ አስቀድሞ ይቀበላል፤ መጠየቅ ያለበት ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

የሚከተለው ያንን ጥያቄ ደረጃ በደረጃ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። ይህን ትችት በስፋት ካደራጁት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የነገረ መለኮት ምሁር ዊሊያም ካቫኖ ነው። እኔ የማቀርበው ግን የእርሱን መጽሐፍ ማጠቃለያ ሳይሆን ክርክር ላይ ሲፈተን ያየሁትን አካሄድ ነው። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ አባባሉን ለሦስት ክፈሉት

«ሃይማኖት ግፍን ይወልዳል» የሚል ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ማለቱ ነው። የመጀመሪያው፣ ሰዎች በሃይማኖት ስም ይገድላሉ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ሃይማኖታዊ እምነት አንዳንድ ጊዜ ለግድያው እውነተኛ ምክንያት ነው፣ ሽፋን ብቻ አይደለም የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ ሃይማኖት በባሕርዩ ከሌሎች ነገሮች፣ ማለትም ከሀገር፣ ከብሔር፣ ከርዕዮተ ዓለም፣ ከገንዘብ በተለየ ለግፍ ያዘነብላል የሚለው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው። አትከራከሩባቸው። በነሐሴ 1572 በፓሪስ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ዕለት ካቶሊኮች ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻቸውን ሲያርዱ፣ ገዳዮቹ ከተማቸውን ከመናፍቃን የሚያነጹ መስሏቸው ነበር። «እነዚያ እውነተኛ ክርስቲያኖች አልነበሩም» ብሎ መልስ መስጠት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ያኔ ሃይማኖትን የምትበይኑት በመልካም ሥራው ብቻ ይሆናል፤ በዚህ አኳኋን ደግሞ የትኛውም ነገር ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ማርክሲስቱም «ስታሊን እውነተኛ ማርክሲስት አልነበረም» ሊላችሁ ይችላል።

የምትተቹት ሦስተኛውን ብቻ ነው። ሸክሙን የሚሸከመው «በተለየ» የምትለዋ ቃል ናት። ተከራካሪያችሁ ስትጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው ወደ መጀመሪያው ይሸሻል፤ «ታዲያ የመስቀል ጦርነት አልነበረም ነው የምትለው?» ይላል። ይህን ስትሰሙ ቆም በሉና «ነበረ። ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው፤ ሃይማኖትን ከሀገር ፍቅር የሚለየው ምኑ ነው?» ብላችሁ መልሱት። በእርጋታ ሁለት ጊዜ ከመለሳችሁት ክርክሩ መስመር ይይዛል።

ሁለተኛ፦ ወንፊቱን ጠይቁ

አንድ ነገር ከሌላው በተለየ ለግፍ ያዘነብላል ለማለት በመጀመሪያ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሃይማኖት ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው የማምለጫ አይደለም፤ ሙግቱ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ ከሁለት ዓይነት ወንፊት አንዱ ይቀርብላችኋል። ጠባቡ ወንፊት «ሃይማኖት በአምላክ ማመን ነው» ይላል። በዚህ ወንፊት ሲነፋ በስሪላንካና በታይላንድ ያለው የቴራቫዳ ቡድሂዝም ያፈተልካል፤ ማዕከሉ ፈጣሪ አምላክ አይደለምና። ቡድሂዝምን ከሃይማኖት ዝርዝር የሚያስወጣ ሰው ግን እምብዛም አታገኙም፤ በተለይ በምያንማር መነኮሳት በሙስሊሞች ላይ ያስተላለፉትን የጥላቻ ስብከት በማስረጃነት ለማቅረብ የሚፈልግ ሰው አያስወጣውም። ሰፊው ወንፊት ደግሞ «ሃይማኖት ለሰው ከሁሉ በላይ የሆነ፣ የሚሰዋለት፣ ሥርዓትና ቅዱስ ምልክት ያለው ነገር ነው» ይላል። በዚህኛው ቡድሂዝም ይገባል፤ ግን ባንዲራም ይገባል፣ የሰማዕታት ሐውልትም ይገባል። «ከሁሉም በላይ አብዮቱ» እና «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» እያለ ያደገ ትውልድ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ደርግ እግዚአብሔር የለም የሚል ርዕዮተ ዓለም ይዞ ሳለ በሰፊው ወንፊት ሃይማኖት ይሆናል ማለት ነው። ያኔ «ሃይማኖት ከዓለማዊ ነገር ይልቅ ይገድላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ትርጉም ያጣል፤ ዓለማዊ ተብሎ የሚቀር የለምና።

ብልህ ተከራካሪ ግን እዚህ ላይ እጁን አይሰጥም። «ጨዋታ የሚለውን ቃልም ጠርዙን አስምሮ መበየን አይቻልም፤ ቢሆንም ጨዋታ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን» ይላል። ጥሩ መልስ ነው፤ አታጣጥሉት። ለመሰየም ብቻ ከሆነ ጠርዙ የደበዘዘ ቃል ይበቃል፣ እኔም በየቀኑ ሃይማኖት የሚለውን ቃል እጠቀማለሁ። የምክንያትና የውጤት ሙግት ግን ከዚያ በላይ ይጠይቃል። «ይህ ነገር እንዲህ የሚያደርገው ሃይማኖት ስለሆነ ነው» ካላችሁ፣ ግፉን የሚወልደውን ባሕርይ ማሳየትና ያ ባሕርይ ሃይማኖት በምትሉት ውስጥ ኖሮ በሌላው ውስጥ አለመኖሩን ማስረዳት ይጠበቅባችኋል።

መስመሩ በተፈጥሮ የተሰመረ ሳይሆን ሰዎች የሚያሰምሩት መሆኑን የሚያሳይ ከጃፓን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በሜይጂ ዘመን የጃፓን መንግሥት ለንጉሠ ነገሥቱና ለሙታን ወታደሮች፣ ሺንቶ በሚባለው ነባር የጃፓን ልማድ መቅደሶች የሚደረገው ሥርዓት ሃይማኖት አይደለም፣ የዜግነት ግዴታ ነው ብሎ ወሰነ። በ1900 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የመቅደሶችን ቢሮና የሃይማኖቶችን ቢሮ ለየ። የ1889ኙ ሕገ መንግሥት የሃይማኖት ነጻነትን ይፈቅድ ነበር፤ የመቅደሱ ሥርዓት ሃይማኖት ካልተባለ ግን ክርስቲያን ተማሪም ቢሆን ሄዶ መስገድ አለበት። በ1936 ቫቲካን ራሷ ሥርዓቱ የዜግነት ክብር ነው ብላ ለጃፓን ካቶሊኮች ፈቀደች። ጦርነቱ አብቅቶ አሜሪካኖች ጃፓንን ሲይዙ ደግሞ በታኅሣሥ 1945 ባወጡት መመሪያ ያንኑ ሥርዓት ሃይማኖት ብለው ከመንግሥት ለዩት። መቅደሱም ስግደቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ስያሜው ነው፣ ስያሜውን የለወጠውም ሥልጣን ላይ የነበረው ነው። ለንጉሠ ነገሥቱ ብሎ አውሮፕላኑን ከመርከብ ጋር ያላተመው አብራሪ በየትኛው ክምር ይቆጠራል?

የራሳችን ቃልም ተመሳሳይ ነገር ይነግረናል። በግእዝ ሃይማኖት ማለት እምነት፣ የቀና ትምህርት ማለት ነው፤ «ሃይማኖተ አበው» ስንል የአባቶችን የእምነት ትምህርት ማለታችን እንጂ ከፖለቲካና ከኢኮኖሚ ጎን ለብቻው የቆመ የኑሮ ክፍል ማለታችን አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ አውሮፓም «ሃይማኖተኛ» የሚባለው መነኩሴ ነበር፤ «ዓለማዊ» የሚባለው ደግሞ በአጥቢያ የሚያገለግለው ካህን ነበር። ቄስን ዓለማዊ የሚል ዘመን እኛ ዛሬ በምናሰምረው መስመር አልኖረም።

ሦስተኛ፦ አንድ ጦርነት ወስዳችሁ እስከ መጨረሻ መርምሩ

ብዙ ምሳሌ መደርደር ክርክሩን ያደክማል። ተከራካሪያችሁ ራሱ የሚመርጠውን፣ ለእርሱ ከሁሉ ጠንካራ የሆነውን አንድ ምሳሌ ውሰዱ። አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ከ1618 እስከ 1648 የተካሄደው የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ነው። የተለመደው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት በእምነት ልዩነት ተላለቁ፣ አውሮፓ ደከመች፣ በመጨረሻ ዓለማዊ መንግሥት መጥቶ ሃይማኖትን ወደ ጓዳ አስገብቶ ሰላም አወረደ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ታሪኩ እውነት ከሆነ ምን መታየት እንዳለበት አስቀድማችሁ ጻፉ። የግጭቱ ምክንያት የእምነት ልዩነት ከሆነ አንድ እምነት ያላቸው በአንድ ወገን መሰለፍ፣ እርስ በርሳቸውም አለመዋጋት አለባቸው። ከዚያ ሰልፉን ተመልከቱ።

በ1619 የቦሄሚያ ባላባቶች ካቶሊኩን ፈርዲናንድን አውርደው ካልቪናዊውን ፍሬድሪክን ሲያነግሡ፣ ሉተራዊው የሳክሶኒ መስፍን ዮሐንስ ጊዮርጊስ በዚያው ዓመት የጀርመን አገሮች ንጉሠ ነገሥት ከሆነው ከዚሁ ከካቶሊኩ ፈርዲናንድ ጋር ቆሞ ጎረቤቱን ሉሳቲያን ያዘ። የፕሮቴስታንት መሳፍንት ኅብረት ደግሞ በ1620 ከካቶሊኩ ኅብረት ጋር ተዋውሎ ገለልተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት በኅዳር ፍሬድሪክ በነጭ ተራራ ጦርነት ተሸነፈ።

አሁን ወደ ፈረንሳይ ዙሩ። ካርዲናል ሪሼሊዮ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ካርዲናል ነው። በ1628 የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ምሽግ የነበረችውን ላ ሮሼልን ከአንድ ዓመት በላይ ከቦ በረኃብ አስገበራት፤ ከሃያ ሺህ ከሚበልጠው ሕዝቧ የተረፈው አምስት ሺህ ገደማ ነበር። ይኸው ሰው በጥር 1631 በቤርቫልደ ከሉተራዊው የስዊድን ንጉሥ ከጉስታቭ አዶልፍ ጋር ተዋዋለ። ስዊድን 30,000 እግረኛና 6,000 ፈረሰኛ ታሰልፋለች፣ ፈረንሳይ በየዓመቱ 400,000 ታለር ትከፍላለች፤ ጦሩ የሚዘምተውም በካቶሊኩ ንጉሠ ነገሥት ላይ ነው። በ1635 ካቶሊካዊት ፈረንሳይ ራሷ በካቶሊካዊት ስፔን ላይ ጦርነት አወጀች። በ1643 ደግሞ ሉተራዊት ስዊድን ሉተራዊት ዴንማርክን ወረረች።

የመጨረሻው የጦርነቱ ምዕራፍ፣ ማለትም ረጅሙና ጀርመንን በጣም ያወደመው ክፍል፣ በዋናነት በሁለት ካቶሊካዊ ቤተ መንግሥቶች፣ በፈረንሳዩ ቡርቦንና የስፔንንና የንጉሠ ነገሥቱን ዙፋን በያዘው በሃብስቡርግ መካከል የተደረገ ትግል ነው። ትንበያው እዚህ ላይ አልሠራም።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «አያችሁ፣ ነገሩ ፖለቲካ ነበር፤ ሃይማኖት ሽፋን ነው» ብሎ ይደመድማል። በዚህ ድምዳሜ ሙግታችሁን ሁሉ ታፈርሳላችሁ፣ በሁለት ምክንያት። የመጀመሪያው፣ ማስረጃው አይደግፈውም። ጦርነቱን የጫረው በ1618 በፕራግ የንጉሡን ሹማምንት ከመስኮት ያስወረወረው ጠብ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኖች በመዘጋታቸው የተነሣ ነው። በ1629 ንጉሠ ነገሥቱ ከ1552 ወዲህ የተወሰዱ የቤተ ክርስቲያን ርስቶች ሁሉ ለካቶሊኮች ይመለሱ ብሎ አዋጅ ያወጣው፣ ብዙ መካሪዎቹ ጠላት እንደሚያበዛበት ቢያውቁም፣ እግዚአብሔር ድል የሰጠኝ ለዚህ ነው ብሎ ስላመነ ነው። በግንቦት 1631 ፕሮቴስታንቷ የጀርመን ከተማ ማግደቡርግ በንጉሠ ነገሥቱ ወገን ጦር እጅ ወድቃ ስትቃጠል ወደ ሃያ ሺህ ሰው አለቀ፤ በካቶሊኩ ዓለም አንዳንዶች ይህን የእግዚአብሔር ፍርድ አድርገው አከበሩት። ይህን ደብቆ የሚከራከር ሰው ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሲያገኘው ያፍራል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይከብዳል። «ሃይማኖት አልነበረም፣ ፖለቲካ ነበር» ስትሉ ልትተቹት የመጣችሁትን መስመር ራሳችሁ እያሰመራችሁ ነው። የ1629ኙ አዋጅ ሃይማኖት ነው ወይስ ፖለቲካ? ገዳም ሃይማኖት ነው፣ የገዳሙ እርሻ፣ ገባር፣ ወፍጮና ግብር ግን የመሳፍንቱ ገቢ ነው። ጳጳሱ ነፍስ ይጠብቃል፣ ነገር ግን መስፍንም ነው፣ አንዳንዱም ንጉሠ ነገሥት ለመምረጥ ድምፅ አለው። በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ሁለቱን ለይቶ እንዲያሳየን ብንጠይቀው ጥያቄው አይገባውም ነበር። ስለዚህ ማለት የሚቻለው ይህን ያህል ነው፦ በዚህ ጦርነት ውስጥ ከሌላው ተነጥሎ «ሃይማኖት» ተብሎ ተጠያቂ የሚሆን ነገር ማውጣት አይቻልም፤ ተነጥሎ «ፖለቲካ» የሚባል ነገርም እንዲሁ።

የታሪኩን መዝጊያም መርምሩ፤ ዓለማዊ መንግሥት መጥቶ ሰላም አወረደ የሚለውን። በ1648 በቬስትፋሊያ የተፈረመው ውል ካቶሊክን፣ ሉተራዊነትንና ካልቪናዊነትን በሕግ አጸና እንጂ መንግሥትን ከሃይማኖት አልለየም። ስዊድን ከዚያ በኋላም ጥብቅ ሉተራዊት ሆና ቆየች። ሉዊ 14ኛ በ1685 የፕሮቴስታንቶችን መብት የሚጠብቀውን የናንት አዋጅ ሻረ። አንድን ጦርነት ያልነበረ መንግሥት ሊያስቆመው አይችልም። ከሠላሳው ዓመት የወጡት ጠንካራ ቤተ መንግሥቶችም የበለጠ ቀረጥና የበለጠ ቋሚ ጦር ይዘው ወደ ሌላ ጦርነት ሄዱ።

አራተኛ፦ ምክንያቱን ስም በመለወጥ ፈትኑ

ብያኔውን ትታችሁ ወደ ምክንያቶቹ ስትሄዱ የሚሠራ ቀላል ፈተና አለ። ተከራካሪያችሁ የሰጠውን ምክንያት ጻፉና «ሃይማኖት» በሚለው ቦታ «ሀገር» የሚለውን ቃል አስገቡ። ዓረፍተ ነገሩ ካልፈረሰ ምክንያቱ ሃይማኖትን ከሌላው አይለይም።

«ሃይማኖት አደገኛ የሆነው ፍጹም ታማኝነትን ስለሚጠይቅ ነው» ይላሉ። ሀገርም እስከ ሞት ትጠይቃለች፤ አልሞትም ያለውን ወታደር ታስራለች፣ በብዙ ዘመን ደግሞ ረሽናለች። «ሰዎችን እኛና እነርሱ ብሎ ይከፍላል» ይላሉ። ድንበርና ፓስፖርት ምን ያደርጋሉ? በ1994 በሩዋንዳ ገዳዩም ሟቹም በአብዛኛው ክርስቲያን ነበር፤ በንታራማና በኒያማታ ሰው የታረደው መጠለያ ይሆነኛል ብሎ በሸሸበት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የለያቸው መታወቂያቸው ላይ የተጻፈው ብሔር ነበር። «ሃይማኖት ለምክንያት አይገዛም» ይላሉ። በ1914 በአደባባይ እየዘመሩ ወደ ግንባር የተመሙትን ያየ ሰው ይህን ለሃይማኖት ብቻ አይሰጥም።

አንድ ምክንያት ግን ስሙ ሲለወጥ ይፈርሳል፣ ይህንንም በሐቅ መናገር አለባችሁ። «ሃይማኖት ከሞት በኋላ ሽልማት ይሰጣል» የሚለው ነው። ሀገር ገነትን አትሰጥም። ብዙ አማኞች እዚህ ላይ ይንሸራተታሉ፤ እኔም አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ቀርቻለሁ። መልሱ ሁለት እርምጃ አለው። በመጀመሪያ፣ የገነት ተስፋ ራስን ለማጥፋት ጥቃት አስፈላጊ አለመሆኑን አሳዩ። የስሪላንካዎቹ የታሚል ነብሮች ብሔርተኞች እንጂ የሃይማኖት ድርጅት አልነበሩም፤ በግንቦት 1991 የቀድሞውን የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲን የገደለችው ቦምብ የታጠቀች ሴት የእነርሱ ነበረች። የሞቱትን ታጋዮች በየዓመቱ ኅዳር 27 በመቃብራቸው ላይ መብራት አብርተው ያስቡ ነበር። ለመሞት የበቃቸው ይህ ነው።

ቀጥሎ፣ የገነት እምነት ብቻውን ወደየትም እንደማይመራ አሳዩ። ከሞት በኋላ ፍርድ አለ ብሎ የሚያምን ሰው በፍርሃትም ሊገታ ይችላል። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጦርነት የገደለ ወታደር እጁ ንጹሕ ስላልሆነ ለሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀብ ይሻላል ብሎ መክሯል። ይህም የሰማይ ፍርድ እምነት ነው፤ የሚሠራው ግን ልጓም ሆኖ ነው። ስለዚህ «የተወሰነ የሰማዕትነት ትምህርት በተወሰነ ሁኔታ ግድያን ያበረታታል» ቢባል እስማማለሁ፣ ሊመረመርም ይገባል። ይህ ግን ስለ አንድ ትምህርት የተባለ ነው፤ ቡድሂዝምንም፣ አይሁድነትንም፣ የኩዌከሮችን ሰላማዊነትም በአንድ ቃል ጠቅልሎ የሚከስስ አይደለም።

አምስተኛ፦ ምን እንዳላረጋገጣችሁ እወቁ

ይህ ሙግት ሲሳካ ሰውን ያሰክራል፣ ከዚያም ከልኩ በላይ ይለጠጣል። አማኞች ከማያምኑ ይሻላሉ የሚለውን አያረጋግጥም። እምነት የለሽነት ገዳይ ነው የሚለውንም አያረጋግጥም፤ ያን ካላችሁ በሌላ በር ወደ ሬሳ ቆጠራው ተመልሳችኋል። ስለ እኛ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ስለ ሌላ ማኅበር አንዲት ጥፋት አይሠርዝም። ያረጋገጣችሁት ጥያቄው በተሳሳተ ቦታ መቆሙን ብቻ ነው። ግፍን የሚወልደውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው «ሃይማኖታዊ ነው ወይስ ዓለማዊ?» ከማለት ይልቅ «የትኛው እምነት፣ የትኛው ተቋም፣ በምን ሁኔታ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ለሀገር ፍቅርም፣ ለገበያም፣ ለቅዱሳት መጻሕፍትም ይኸው ጥያቄ ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ የምወደውን አባባል ላንሣ። «ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው በሀገራችን ብዙ ጠብ አብርዷል፣ እኔም እጠብቀዋለሁ። ግን በጥሞና ሲሰማ ሁለት ነገር ያደርጋል። ሃይማኖትን ከመግደል መብት ያርቃል፣ መልካም ነው፤ ሀገርን ግን ከጥያቄ ውጭ ያደርጋታል። ስለ እግዚአብሔር የገደለ አክራሪ ይባላል፣ ስለ ሀገር የገደለ ጀግና ይባላል፤ የመጀመሪያውን እንደምንመረምር ሁለተኛውንም መመርመር እንዳለብን የሚያስታውሰን የለም። ሃይማኖት ለብቻው ተለይቶ ሲከሰስ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ክሱ ለሌላው ገዳይ ምሕረት ይሆናል።

መልመጃ፦ የሱስንዮስ ዘመን

ደረጃዎቹን ለመለማመድ ከማግደቡርግ ጋር በአንድ ዘመን የሆነ የቤት ታሪክ አለን። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ገለጡ። ፓትርያርክ ሆኖ የተላከው አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ደረሰ፣ በቀጣዩ ዓመትም ንጉሡ ለሮም መታዘዛቸውን በሥነ ሥርዓት አወጁ። ከዚያም ዓመፅ በዓመፅ ላይ ተከተለ፣ በላስታ የተነሣው ከሁሉ የበረታ ነበር። በ1632 ብዙ ሺህ ሰው ካለቀበት ጦርነት በኋላ ንጉሡ ድል አድርገው ሳለ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ።

«ይህ የሃይማኖት ጦርነት ነበር» ለሚላችሁ ሰው በመጀመሪያ አዎን በሉ። ሰዎች የሞቱት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ፣ ስለ ቅዳሜ ሰንበት፣ ድጋሚ ጥምቀትና ድጋሚ ክህነት ስለመጠየቃቸው ነው፤ እነዚህን ሽፋን ብሎ ማቃለል ሟቾቹን መስደብ ነው። ቀጥላችሁ ወንፊቱን ጠይቁ። ካህናቱ ክህነታችሁ ዋጋ የለውም ሲባሉ የተነካው እምነታቸው ብቻ ነው ወይስ ርስታቸው፣ ገዳማቸውና በአገር ውስጥ ያላቸው ቦታም ጭምር? ንጉሡ ከአውሮፓ ወታደር እንዲላክላቸው የጠየቁት ለነፍሳቸው ነው ወይስ ዙፋናቸውን በመሳፍንቱ ላይ ለማጽናት? የላስታ ሰው ስለ ሰንበቱ ሲነሣ ከማእከላዊ ንጉሥ የራቀ አገሩንም እየጠበቀ አልነበረም? ለእያንዳንዱ ጥያቄ «ሁለቱንም» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ከዚያ ወረቀት አንሡና ከሃይማኖት ዓምድ ወይም ከፖለቲካ ዓምድ በአንዱ ብቻ የሚገባ አንድ ክስተት ፈልጉ። እኔ ሞክሬ አላገኘሁም። ያገኘ ሰው ካለ ከየትኛው ምንጭ እንዳገኘው ያሳየኝ፤ ሙግቴን ከዚያ እጀምራለሁ።